ለመጀመሪያ ሥራ የሚሆን የአንድ ገጽ ሲቪ፦ የድሬዳዋ የሥራ ማስታወሻ

ሰኞ ማታ

የእህቴ ልጅ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ጨርሳለች። የፈተናው ውጤት 50 በመቶ አልሞላም። ቤት ከምቀመጥ ሥራ ልሞክር ብላለች። ከዚራ አንድ ሬስቶራንት መስታወቱ ላይ ወረቀት ለጥፏል፦ «አስተናጋጅና ካሸር እንፈልጋለን። ተያዥ ማቅረብ የምትችል። ሲቪ ይዛችሁ ቅረቡ።» እነሱ ሰፈር ሳቢያን ደግሞ አንድ ሚኒ ማርኬት የሽያጭ ሠራተኛ ይፈልጋል።

እኔ ለዓመታት ሬስቶራንት ውስጥ ሱፐርቫይዘር ነበርኩ፤ ሠራተኛ መቅጠርም የሥራዬ አካል ነበር። ስለዚህ ያሠራችውን ሲቪ ይዛ መጣችና «እስቲ እየው» አለችኝ። (የሌላ አገር አንባቢ አይደንግጥ። ድሬ ላይ አጎትም «አንተ» ነው የሚባለው።)

ሲቪው ሁለት ገጽ ነው። አንድ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የሠራላት። ከላይ «የግል መረጃ» የሚል ሰንጠረዥ አለ፦ ፆታ፣ የትዳር ሁኔታ፣ ሃይማኖት፣ ዜግነት፣ የእናት ስም፣ የቤት ቁጥር። ቀጥሎ «ዓላማ» ይላል፦ «ያለኝን እውቀትና ክህሎት በመጠቀም ለድርጅቱ ዕድገት የበኩሌን አስተዋጽኦ ማበርከት።» ከዚያ ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ 12ኛ ክፍል የተማረችባቸው ትምህርት ቤቶች ተዘርዝረዋል። ታች ደግሞ «የኮምፒውተር ችሎታ፦ ፒችትሪ።»

«ፒችትሪ ትችያለሽ እንዴ?» አልኳት።

«ምንድን ነው እሱ?»

የሒሳብ ሶፍትዌር ነው። አካውንቲንግ የተማረ ሰው የሚጽፈው። ጽሕፈት ቤቱ የሌላ ሰው ፋይል ከፍቶ ስም ቀይሮ ነው የሰጣት። ይሄ በብዙ ቦታ የሚሆን ነው። ፋይሉን ያየ ቀጣሪ አንዲቷን ቃል ይዞ ቢጠይቃት ሌላውን ሁሉ አያምናትም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ማረም አይደለም፤ ከባዶ ወረቀት መጀመር ነው።

ማክሰኞ

መጀመሪያ ይሄ ወረቀት እንዴት እንደሚነበብ ነገርኳት። ሬስቶራንት ውስጥ ሲቪ ተቀምጦ የሚያነብ የለም። ቆመን ነው የምናነበው። በአንድ በኩል ካሸሯ ዝርዝር አጣሁ ትላለች፣ በሌላ በኩል ወጥ ቤቱ የተመለሰ ትዕዛዝ ይዞ ይጮሃል። በዚያ መሃል ዓይን የሚያርፈው ጥቂት ነገር ላይ ነው። የት ነው የምትኖረው? ማታ ስንወጣ ቤቷ ትደርሳለች? በየትኛው ሰዓት መሥራት ትችላለች? ብር ነክታ ታውቃለች? የሚያውቃት ሰው ማነው? ሌላው አይነበብም።

የመጀመሪያ ሥራ ፈላጊ ላይ ቀጣሪው ልምድ እንደሌላት አስቀድሞ ያውቃል። የሚፈራው ሌላ ነው። አንደኛ፣ በሳምንቷ ትቀራለች ብሎ ይፈራል። ሁለተኛ፣ ሒሳብ ይጎድልብኛል ብሎ ይፈራል። ወረቀቱ ለእነዚህ ሁለት ፍርሃቶች መልስ ካልያዘ «ታታሪ፣ ታማኝና በቡድን መሥራት የምትችል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ምንም አይሠራም። ሁሉም ስለሚጽፈው ማንም አያነበውም።

ከዚያ ደብተር አውጥተን ስትሠራ የኖረችውን መጻፍ ጀመርን። «ምንም ሠርቼ አላውቅም» አለች። እንደዚህ የማይል ልጅ አይቼ አላውቅም። ጥያቄውን ቀየርኩት፦ ከትምህርት ቤት ስትመለሺ እስከ ማታ የት ነበርሽ?

ከ10ኛ ክፍል ጀምሮ የአባቷ እህት ሱቅ ውስጥ ነበረች። ሰፈር ውስጥ ያለች ሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ ናት። ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ዳቦ፣ የሞባይል ካርድ ይሸጥባታል። ከ10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት እሷ ትሸጣለች፤ አክስቷ ወደ ቤት ገብታ ራት ታዘጋጃለች። ማታ ብሩን አብረው ይቆጥራሉ። ዱቤ የወሰደ ሰው ደብተር ላይ ይመዘገባል። እሱንም የምትጽፈው እሷ ናት።

ይሄ እኮ ሦስት ዓመት ሽያጭ ነው! ግን እሷ «አክስቴን መርዳት» ነው የምትለው።

ማክሰኞ፣ ቀጥሎ

አሁን መጠን ያስፈልጋል። «በቀን ስንት ሰው ትሸጫለሽ?» ስላት «ብዙ» አለች። ብዙ ሲቪ ላይ አይጻፍም። ዛሬ ማታ ሱቅ ስትገባ ለእያንዳንዱ ገዢ አንድ ሰረዝ እንድታደርግ ነገርኳት።

የሽያጩን ብር ግን እንዳትጽፍ አልኳት። አንደኛ፣ የአክስቷ ገቢ የአክስቷ ጉዳይ ነው። ሁለተኛ፣ ዋጋ በየጊዜው ስለሚንር ዛሬ ብዙ የሚመስል ብር ነገ ምንም አይናገርም። የሰው ብዛት ግን ያው ነው። ሥራውን የሚለካውም እሱ ነው።

ረቡዕ

ሰረዞቹ ከ50 በላይ ሆነዋል፤ ተራ ቀን ነው፣ በዓል አልነበረም። «በቀን ከ50 በላይ ደንበኛ» ብለን እንጽፋለን። ቢጠይቋት የደብተሩን ገጽ ማሳየት ትችላለች።

ዛሬ አብዛኛው ጊዜ የሄደው አንዲት መስመር ላይ ነው። መጀመሪያ የጻፈችው፦

«በአክስቴ ሱቅ ውስጥ በመሥራት ልምድ አካብቻለሁ።»

ይሄ የሚነግረኝ ነገር የለም። ምን ሠራሽ? ለስንት ሰው? ትክክል መሥራትሽ በምን ይታወቃል? ሦስቱን መለስን፦

«በሰፈር ሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ (የቤተሰብ፣ ያለ ደመወዝ) ከሰኞ እስከ ዓርብ ከ10 እስከ 1 ሰዓት ሽያጭ። በቀን ከ50 በላይ ደንበኛ። በየምሽቱ የእጅ ብርን ከሽያጭና ከዱቤ ደብተር ጋር ማመሳከር።»

«ያለ ደመወዝ የሚለውን ለምን እጽፋለሁ?» አለች። ቀጣሪው ደውሎ «ስንት ይከፍሉሽ ነበር?» ማለቱ አይቀርም። የቤተሰብ ሱቅ እንደሆነ ወረቀቱ አስቀድሞ ከተናገረ የምታፍርበት ነገር የለም። ካልተናገረ ግን የደበቀች ትመስላለች። የቤተሰብ ሥራም ሥራ ነው፤ ስሙን በትክክል መጥራት ብቻ ነው።

ከዚያ ስለ ክፍያ ጠየቅኳት። አሁን ሱቅ ላይ ግማሹ ሰው በቴሌብር ወይም በባንክ ነው የሚከፍለው። እዚህ ላይ የሚደርሰውን ሁሉም ባለሱቅ ያውቀዋል። ደንበኛው «ልኬያለሁ» ብሎ የራሱን ስልክ ያሳያል፤ የሚያሳየው ግን የትናንት መልእክት ወይም ተቀናብሮ የተሠራ ምስል ሊሆን ይችላል። እሷ ምን እንደምታደርግ ስጠይቃት ሳታስብ መለሰች፦ «የሱን ስልክ አላይም። በአክስቴ ስልክ ገብቷል የሚል መልእክት ሲመጣ፣ ብሩንና የላኪውን ስም አይቼ ነው ዕቃ የምሰጠው። ኔትወርክ ከሌለ ቀሪ ሒሳብ አያለሁ፤ እሱም እምቢ ካለ ቆይ እለዋለሁ።»

ካሸር ለመቅጠር የሚፈልግ ሰው ይሄን ነው መስማት የሚፈልገው። ወደ መስመር ሲለወጥ፦ «የቴሌብርና የባንክ ክፍያ መግባቱን በተቀባይ ስልክ አረጋግጦ ዕቃ ማስረከብ።» ሲቪው ላይ ካሉት መስመሮች ሁሉ የምወደው ይሄን ነው።

ረቡዕ ማታ

ለሬስቶራንቱ ሌላም ነገር አለ። የሰፈር ድግስ ላይ ታስተናግዳለች። ሰርግም ለቅሶም። መጀመሪያ «ይሄማ ሁሉም ሰው የሚሠራው ነው» አለች፤ ልክ ናት። «በእድር ድግስ አስተናግጃለሁ» ብሎ መጻፍ ብቻውን ቀጣሪን ያስቃል።

ግን ስትነግረኝ አንድ ነገር ያዝኩ። ድሬ ላይ ድግስ ሲደገስ የሙስሊምና የክርስቲያን ሥጋ ለየብቻ ይሠራል። ድስቱ፣ ጭልፋው፣ ጠረጴዛው ይለያል። በጾም ቀን ደግሞ የጾምና የፍስክ ይጨመራል። እሷ የሙስሊም እንግዶች ጠረጴዛ ላይ ትመደባለች፤ ጭልፋ እንዳይቀላቀል የምትጠብቀው እሷ ናት። ሬስቶራንት ውስጥ አስተናጋጅ የጾም ማዕድ ካዘዘ ሰው ፊት ቅቤ የነካው ምግብ ብታስቀምጥ የሚሆነውን አይቻለሁ። ምግቡ ተመልሶ አያበቃም፤ እንግዳውም አይመለስም። ስለዚህ መስመሩ እንዲህ ሆነ፦ «በሰፈር ድግሶች መስተንግዶ፤ የሙስሊምና የክርስቲያን፣ የጾምና የፍስክ ምግብ ለይቶ ማቅረብ።» ለሚኒ ማርኬቱ በሚሄደው ቅጂ ላይ ይሄ ይወጣል። እዚያ ጥቅም የለውም።

ሐሙስ

ቋንቋ። ድሬዳዋ ውስጥ ይሄ ክፍል ከትምህርት ክፍሉ በላይ ይመዝናል፤ ሲቪዎች ላይ ግን ሁልጊዜ ታች ተወርውሮ ነው የማገኘው። ቀፊራ ገበያ አንድ ጠዋት የቆመ ሰው ያውቀዋል፦ አንዷ በኦሮምኛ ትጠይቃለች፣ ቀጥሎ ያለው በሶማሊኛ ይከራከራል፣ ሒሳቡ በአማርኛ ይዘጋል። ሁለቱን የሚሰማ ሻጭ ደንበኛ አይመልስም።

ጽሕፈት ቤቱ «አማርኛ፦ በጣም ጥሩ፣ ኦሮምኛ፦ በጣም ጥሩ፣ ሶማሊኛ፦ በጣም ጥሩ፣ እንግሊዝኛ፦ በጣም ጥሩ» ብሎ ሞልቶላታል። ቀጣሪው ራሱ ሶማሊኛ ተናጋሪ ቢሆንስ? በር ላይ ቆማ በአንድ ዓረፍተ ነገር ትወድቃለች። እንደ እውነቱ ጻፍነው። አማርኛና ኦሮምኛ መናገር፣ ማንበብና መጻፍ ትችላለች፤ ኦሮምኛን በቁቤ ትጽፋለች። ሶማሊኛ «ዋጋና ዕቃ ለመነጋገር ያህል» ነው። እንግሊዝኛ «ማንበብና ቀላል ንግግር።» ቋንቋውን ወደ ላይ፣ ከስልክ ቁጥሩ ሥር አመጣነው።

ትምህርት አንድ መስመር ይበቃዋል። መዋዕለ ሕፃናትና አንደኛ ደረጃ ወጡ። «12ኛ ክፍል አጠናቀቅሁ፣ 2017 ዓ.ም.» ይላል። አጠናቀቅሁ እውነት ነው፤ አለፍኩ ብትል ግን ውሸት ይሆናል። የፈተናውን ውጤት ሱቅ ቤት አይጠይቅም፤ ከጠየቀ በአፏ ትናገራለች። ከትራንስክሪፕቷ ላይ ግን አንድ ቁጥር ወስደናል፦ የሒሳብ ትምህርት 81። ካሸር ለሚፈልግ ሰው ይሄ ይናገራል። የባዮሎጂው ውጤትም ጥሩ ነበር፤ ግን ማን ይጠይቀዋል?

ዓመተ ምሕረቱ በሙሉ በእኛ አቆጣጠር ነው። አንዱ መስመር 2017፣ ሌላው 2025 ከሆነ አንባቢው ስምንት ዓመት ጠፋበት ማለት ነው። ጽሕፈት ቤቱ በሠራው ላይ ሁለቱም ተቀላቅለው ነበር።

ሐሙስ ማታ

ዕድሜና ሰዓት ላይ ከእህቴ ጋር ተቀምጠን ተነጋገርን።

ልጅቷ 18 ሞልቷታል። ይሄ ይጻፋል፤ ምክንያቱም ሕጉ ራሱ እዚያ ላይ ይከፈላል። በአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይቀጠርም። ከ15 እስከ 18 ያለው ወጣት ሠራተኛ ይባላል፤ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓትም አይሠራም። ማታ የሚሠራ ሬስቶራንት ስለዚህ ዕድሜ ያያል። 17 ዓመቷ ቢሆን ኖሮ ሲቪው ላይ የቀን ፈረቃ ብቻ ብለን እንጽፍ ነበር።

ሰዓቱን በተመለከተ «በማንኛውም ሰዓት መሥራት እችላለሁ» የሚለውን ሰረዝነው። እህቴ ከምሽቱ 3 ሰዓት በላይ አልፈቀደችም። ከከዚራ ሳቢያን በባጃጅ ቅርብ ነው፤ ግን በመሸ ቁጥር ባጃጁም ይቀንሳል፣ ሒሳቡም ይጨምራል። ማንኛውም ሰዓት ብላ ገብታ በሁለተኛው ሳምንት «እናቴ አልፈቀደችም» ከምትል አሁኑኑ ብትናገር ይሻላል። «ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ባለው በማንኛውም ፈረቃ፤ ቅዳሜና እሑድን ጨምሮ» ብለን ጻፍን። ቅዳሜና እሑድን መጻፍ ለሬስቶራንት ትልቅ ነገር ነው። ሰው የሚጠፋው ያን ጊዜ ነው።

ሌላው ጥያቄ ምን ያህል ትቆያለች የሚለው ነው። ቀጣሪዎች 12ኛ የጨረሰ ልጅ ሲያዩ ሪሚዲያል ደርሶት በጥቅምት ይሄዳል ብለው ይሰጋሉ። እሷ በግል ተመዝግባ እንደገና መፈተን ነው የምትፈልገው፤ ጥናቱ ማታ ቤት ነው። ስለዚህ «ቢያንስ ለአንድ ዓመት ለመሥራት ዝግጁ ነኝ» ማለት ትችላለች። ሪሚዲያል ብትጠራ እንደምትሄድ ብታውቅ ኖሮ ይሄን መስመር አላስገባም ነበር።

ዓርብ

ዋቢና ተያዥ። ይሄን ብዙ ልጆች ያደባልቁታል።

ዋቢ ሲደወልለት ስለ ልጅቷ የሚናገር ሰው ነው። ተያዥ ግን ፊርማውን ያኖራል፤ ብር ወይም ዕቃ ከጠፋ ይጠየቃል። ብዙውን ጊዜ ደመወዝተኛ መሆኑንና የሚያገኘውን የሚገልጽ ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤቱ ያመጣል። ስለዚህ ተያዥን በስልክ «እሺ?» ብሎ መያዝ አይቻልም። አባቷ የሚቀርበው አንድ ደመወዝተኛ ጎረቤት አለ፤ ሄደው ፊት ለፊት አናገሩት። «እስከ ስንት ብር ነው የሚያስፈርሙት?» ብሎ ጠየቀ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መጠኑን ቀጣሪው ሲናገር መልሰው ሊያማክሩት ተስማሙ። ሲቪው ላይ «ተያዥ ማቅረብ እችላለሁ» ይጻፋል፤ ስሙና ስልኩ ግን አይጻፍም። እሱ የሚያስፈልገው ከተቀጠረች በኋላ ነው፤ የሰው ስም በየሱቁ ጠረጴዛ ላይ አይበተንም።

ዋቢ ሁለት ሰው ይበቃል። አክስቷን አልፈለግሁም። ዘመድ ስለ ዘመዱ ክፉ እንደማይናገር ቀጣሪው ያውቃል። የሒሳብ መምህሯ አንድ። ሁለተኛውን እሷው አገኘችው፦ በየጠዋቱ ለሱቁ ዳቦ የሚያቀርበው ሰው። ማታ ማታ እየመጣ የዕለቱን ሒሳብ የሚቀበለው ከእሷ ነው። ሦስት ዓመት ብር ተቀባብለው ሒሳብ ያልተሳሳተ ሰው ስለ እሷ ቢናገር ከየትኛውም ሰርተፍኬት ይበልጣል። ሁለቱንም አስፈቀደች። መምህሩ ከክፍል ውጭ በሚሆንበት ሰዓት እንዲደወልለት ጠይቋል፤ እሱንም ጻፍነው።

ከወረቀቱ የወጡትን እዚሁ ላስፍር። ሃይማኖት፣ የትዳር ሁኔታ፣ የእናት ስም፣ የቤት ቁጥር፣ የፋይዳ ቁጥር ወጡ። ሰፈር ብቻ ይበቃል። ወረቀቱ ማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅም፤ የመታወቂያ ኮፒ ሲቀጥሯት ትሰጣለች። ኢሜይልም ወጣ። ከፍታው የማታውቀው አድራሻ ነበር። በምትኩ የእናቷ ስልክ ሁለተኛ ቁጥር ሆኖ ገባ፤ የልጅቷ ስልክ ባትሪው ከሰዓት በኋላ አይገኝም። ጉርድ ፎቶ ማስታወቂያው አልጠየቀም፤ አላስገባንም።

ዓርብ ማታ

ጽሑፉ ይሄን ይመስላል። ስምና ቁጥሮቹን አውጥቼ ነው የምለጥፈው።

> ሙሉ ስም እስከ አያት
> ሳቢያን፣ ድሬዳዋ። ስልክ 09… (የራሴ)፣ 09… (የእናቴ)። ዕድሜ 18።
>
> የምፈልገው ሥራ፦ ካሸር ወይም አስተናጋጅ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ባለው በማንኛውም ፈረቃ፣ ቅዳሜና እሑድን ጨምሮ። ቢያንስ ለአንድ ዓመት ለመሥራት ዝግጁ ነኝ። ተያዥ ማቅረብ እችላለሁ።
>
> ቋንቋ፦ አማርኛና ኦሮምኛ፦ መናገር፣ ማንበብ፣ መጻፍ። ሶማሊኛ፦ ዋጋና ዕቃ ለመነጋገር ያህል። እንግሊዝኛ፦ ማንበብና ቀላል ንግግር።
>
> የሠራሁት ሥራ
> ሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ፣ ሳቢያን (የቤተሰብ፣ ያለ ደመወዝ)፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ
> ከሰኞ እስከ ዓርብ ከ10 እስከ 1 ሰዓት ሽያጭ፤ በቀን ከ50 በላይ ደንበኛ።
> በየምሽቱ የእጅ ብርን ከሽያጭና ከዱቤ ደብተር ጋር ማመሳከር።
> የቴሌብርና የባንክ ክፍያ መግባቱን በተቀባይ ስልክ አረጋግጦ ዕቃ ማስረከብ።
> ለዳቦ አቅራቢ የዕለቱን ሒሳብ ማስረከብ።
> የሰፈር ድግሶች መስተንግዶ
> የሙስሊምና የክርስቲያን፣ የጾምና የፍስክ ምግብ ለይቶ ማቅረብ።
>
> ትምህርት፦ 12ኛ ክፍል አጠናቀቅሁ፣ 2017 ዓ.ም.። የሒሳብ ውጤት 81።
>
> ዋቢዎች፦ የሒሳብ መምህሬ፣ 09… (ከ10 ሰዓት በኋላ)። ለሱቁ ዳቦ የሚያቀርቡ፣ 09…።

ገጹ ሲታተም ከሥር ባዶ ይቀራል። ይቅር። ልጅቷ በ«ትርፍ ጊዜ» ልትሞላው ፈልጋ ነበር፤ ፊልም ማየትና መጽሐፍ ማንበብ። ባዶው ቦታ ላይ እኮ ቀጣሪው የቀጠሮ ሰዓት ይጽፍበታል።

ቅዳሜ ጠዋት

ወደ ሌላ ጽሕፈት ቤት ሄድን። A4 ወረቀት፣ በአራቱም ጎን 2 ሳንቲ ሜትር ክፍት፣ ፊደል 12፣ ርዕሶቹ ወፍራም። ሰንጠረዥና ባለቀለም ጠርዝ የለም፤ ፎቶ ኮፒ ሲደረግ ቀለሙ ጥቁር ጭረት ይሆናል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። አንዳንድ ጽሕፈት ቤት አሁንም በድሮው የፓወር ግዕዝ ፎንት፣ `Ge'ez-1` በሚባለው ዓይነት ይጽፋል። እዚያው ሲታተም ያምራል። ፋይሉ በቴሌግራም ተልኮ ቀጣሪው ስልክ ላይ ሲከፈት ግን ፊደሉ የምልክት ጋጋታ ይሆናል። መለየት ቀላል ነው፦ ጽሑፉን ምረጡና ፎንቱን ወደ `Nyala` ወይም `Ebrima` ቀይሩ። አማርኛው አማርኛ ሆኖ ከቀረ ዩኒኮድ ነው። ወደ ዝብርቅርቅ የላቲን ፊደል ከተለወጠ እንደገና ይጻፋል። የኛው ዩኒኮድ ነበር። PDF አድርገን ወደ ስልኳ ላክነው፤ እዚያው ከፍታ አየችው። ፋይሉ ራሱም ተቀመጠ፤ ለሚኒ ማርኬቱ የድግሱን መስመር አውጥተን «ካሸር ወይም የሽያጭ ሠራተኛ» እናደርገዋለን። ከጽሕፈት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ፋይሉ እንዲጠፋ ጠየቅን። የሷም ቁጥር የሌላ ሰው ሲቪ ላይ እንዳይገኝ።

በእንግሊዝኛስ? ለሆቴል ወይም ለባንክ ቢሆን እናዘጋጅ ነበር። መስታወት ላይ በአማርኛ የለጠፈ ሰው በአማርኛ ነው የሚያነበው።

ሰኞ

ለመስጠት ሰዓት መረጥን። ምሳ ሰዓት አይኬድም፤ ማንም አያናግራትም። ከ7 እስከ 10 ሰዓት ደግሞ ሙቀቱ ነው፤ ድሬ ታርፋለች፣ ሥራ አስኪያጁም ቢኖር በርጫ ላይ ነው። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ቁርስ አልቆ ምሳ ሳይጀመር ሄደች። ለጥበቃው ትታ እንዳትመጣ፣ የሚቀጥረው ማን እንደሆነ ጠይቃ በእጁ እንድትሰጥ ነገርኳት። ትራንስክሪፕቷን ኮፒውን ብቻ ይዛለች። ዋናውን «እናየውና እንመልሳለን» ቢሏት አሳይታ መልሳ ትያዝ እንጂ አትተወው። ዋና ማስረጃው የሆነ መሳቢያ ውስጥ የቀረበት ስንቱን አውቃለሁ።

ሥራ አስኪያጁ ቆሞ አነበበው። የጠየቃት ሁሉ ከወረቀቱ ነው። የዳቦ አቅራቢው ማነው አላት። ቴሌብር ገብቷል ብሎ ደንበኛ ቢጨቃጨቅሽ ምን ታደርጊያለሽ አላት፤ ለኔ የነገረችኝን ነገረችው። ከዚያ በኦሮምኛ አወራት። ሶማሊኛውን አልሞከረም። ሰዓቱ ላይ ትንሽ ተከራከረ፤ ቅዳሜ እስከ 4 ሰዓት ትቆያለሽ ወይ ብሎ። አባቷ መጥቶ የሚወስዳት ከሆነ ብላ መለሰች።

ረቡዕ

ደወሉ፣ በእናቷ ስልክ። ዓርብ ጠዋት 2 ሰዓት ለሙከራ ትግባ ብለዋል፤ ጥቁር ሱሪና ነጭ ሸሚዝ ለብሳ። ዳቦ አቅራቢውንም ደውለው አናግረውታል። የጤና ምርመራ ወረቀት የምታወጣው ከተቀበሏት በኋላ ነው፤ ምግብ ቤት ስለሆነ አይቀርም።

አሁን የቀረው «ሙከራ» የተባለውን ማጥራት ነው። በዚሁ ዐዋጅ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፣ በጽሑፍም ይደረጋል፤ በዚያ ጊዜ ያለ ሠራተኛ እንደማንኛውም ሠራተኛ መብት አለው፤ ደመወዝም ይከፈለዋል። አንዳንድ ቦታ ግን «ለጥቂት ቀን እንይሽ» ብለው በነፃ ያሠራሉ፤ ከዚያ ሌላዋን ይጠራሉ። ስለዚህ ዓርብ ከመግባቷ በፊት የምትጠይቀውን በትንሽ ወረቀት ጻፍንላት። ሙከራው ስንት ቀን ነው? የነዚያ ቀናት ሒሳብ ይታሰባል? ካሸር ላይ ብሆን ሲጎድል የሚቆረጠው እንዴት ነው? ፈረቃ ስንቀያየር ብሩን አብረን ቆጥረን እንፈራረማለን? ተያዡ የሚፈርመው እስከ ስንት ብር ነው?

የመጨረሻውን መልስ ለጎረቤታቸው ትነግረዋለች። የሚኒ ማርኬቱን ቅጂ ደግሞ ነገ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ትወስዳለች፤ የሬስቶራንቱ መልስ እስኪታወቅ አንጠብቅም።